ወንበሩ ምን ሠራ ሳይሆን የተቀመጠበት ሰው ምን ሠራ

ለጽሕፈትና ለመዝገብ ቤት ሥራ የሚቀርቡ ሲቪዎችን አንድ ላይ ደርድሮ ያየ ሰው፣ ስሙንና ስልክ ቁጥሩን ቢሸፍነው የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። «ገቢና ወጪ ደብዳቤዎችን መመዝገብ።» «ፋይሎችን በአግባቡ መያዝ።» «ስልክ መቀበልና እንግዶችን ማስተናገድ።» «ከቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ተግባራትን ማከናወን።» አምስት ዓመት የሠራውም ስምንት ወር የሠራውም ይህንኑ ነው የሚጽፈው።

ይህ የሚሆነው በስንፍና አይመስለኝም። አብዛኛው ሰው ሲቪውን የሚያዘጋጀው ሁለት ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ ነው፤ ሲቀጠር የተሰጠውን የሥራ መዘርዝርና ሲለቅ የጻፉለትን የሥራ ልምድ ማስረጃ። የሥራ መዘርዝሩ የተጻፈው ሰውየው ገና ሳይቀጠር ነው፤ ስለ ወንበሩ እንጂ ስለተቀመጠበት ሰው አያውቅም። የልምድ ማስረጃውም ከዚህ ብዙ አይሻልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው እንዲሰጥ የሚያስገድደው ማስረጃ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ነው። ሥራው በደንብ ተሠራ፣ በመጥፎ ተሠራ፣ ምን ተሻሻለ የሚለውን እንዲጽፍ አይጠበቅበትም። ስለዚህ ከሁለቱ ወረቀቶች የገለበጠ ሰው ሲቪው ላይ የራሱ የሆነ ነገር ባይገኝ አይገርምም።

ሌላው ችግር የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ላይ ነው። «መመዝገብ»፣ «ማደራጀት»፣ «መከታተል» የሚሉት ቃላት ባለቤት የላቸውም፣ ጊዜም የላቸውም። ማን መዘገበ? መቼ? ምን ያህል? ተመዝግቦስ ምን ሆነ? «መመዝገብ» ለአንዱም መልስ የለውም፤ መመዝገብ እንዳለበት ብቻ ነው የሚናገረው። ቀጣሪው ግን መመዝገብ እንዳለበት ድሮም ያውቃል፤ ማስታወቂያውን ያወጣው እሱ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ መካከለኛ አስመጪ ድርጅት ሁለት ዓመት በመዝገብ ቤት የሠራች ወጣት እናስብ። ሲቪዋ ላይ ያሉት ከላይ የጠቀስናቸው አራት መስመሮችና «የጽሕፈት መሣሪያዎችን ለክፍሎች ማከፋፈል» የሚለው ናቸው። ልጅቷን ምን ውጤት አስመዘገብሽ ብትሏት ትደነግጣለች። ሽያጭ ላይ አልሠራች፣ ገንዘብ አላመጣች፣ ፕሮጀክት አልመራች። ጀማሪ የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው፤ «የእኔ ሥራ ቁጥር የለውም» ይላል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንዲህ ሲል መስማት ግን ይገርማል፤ ቢሮው ውስጥ ካሉት ሁሉ ሥራው ቀን በቀን፣ በተራ ቁጥር ተጽፎ የተቀመጠለት እሱ ነውና።

እስቲ የገቢ መዝገቡን እናውጣው። ብዙ ቢሮዎች የደብዳቤ ተራ ቁጥር የሚጀምሩት በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ነው። የእሷም ድርጅት ሐምሌ 1 ቀን 2015 ከ1 ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን 2016 ላይ ሲዘጋ የመጨረሻው ቁጥር 3,140 ሆኗል እንበል። አንድም ነገር ሳትቆጥር የዓመቱን የሥራ መጠን አገኘች፤ በወር ወደ 260 ደብዳቤ ነው። ይህን ይዛ «በዓመት ከ3,000 በላይ ገቢ ደብዳቤ መዘገብኩ» ብትል ከቀድሞው መስመር በጣም ይሻላል፤ አንባቢው ትንሽ ቢሮ ይሁን ትልቅ አወቀ። ግን ገና ውጤት አይደለም። ደብዳቤው የመጣው እሷ ስለጠራችው አይደለም፤ ሌላ ሰው ቢቀመጥም 3,140 ይመጣ ነበር። ብዛት የሥራውን ስፋት ያሳያል፤ ውጤት ግን ከመጣው ደብዳቤ ላይ ምን እንደተለወጠ ነው የሚናገረው።

ምን ተለወጠ? እዚህ ላይ ደብዳቤው የሚሄድበትን መንገድ ማስታወስ ያስፈልጋል። ደብዳቤ ይገባል፣ ይመዘገባል፣ የገቢ ማህተምና ቁጥር ይመታበታል፤ ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ ይቀርብና እሳቸው ጥግ ላይ «ለፋይናንስ» ወይም «ለግዥ» ብለው ይመሩታል፤ ተመልሶ መዝገብ ቤት ይመጣና በማስረከቢያ ደብተር እየተፈረመ ለክፍሉ ይደርሳል። ልጅቷ በሥራ ላይ ያስተዋለችው ነገር ነበር። ከሚገባው ወረቀት ብዙው ደረሰኝና የዋጋ ማቅረቢያ ነው፤ ይህ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ሳይመራም የታወቀ ነው። ጥር ላይ ሥራ አስኪያጁን አስፈቅዳ እነዚህን ለይታ በቀጥታ ለክፍሎቹ ማድረስ ጀመረች። ለምሪት የሚቀርበው ክምር ሲያንስ የቀሩትም ቶሎ ይመለሱ ጀመር። «ፋይናንስ ክፍል ከዚያ በኋላ መጮህ ተወ» ትላለች።

ፋይናንስ መጮህ ተወ የሚለው ሲቪ ላይ አይጻፍም። ግን ከጀርባው የሚለካ ነገር አለ፤ የገባበት ቀን ገቢ መዝገቡ ላይ፣ ክፍሉ የተረከበበት ቀን ደግሞ ማስረከቢያ ደብተሩ ላይ ተጽፏል። ሁለቱን ማመሳከር ነው። 3,140ውን ሁሉ ማየት አያስፈልግም። አሠራሩ ከመለወጡ በፊት ካሉት ወራት አንዱን፣ ጥቅምትን፣ ከተለወጠ በኋላ ካሉት ደግሞ ግንቦትን ትወስዳለች። በጥቅምት 240 ደብዳቤ ገብቶ ከሆነ በየስምንተኛው አንድ ብታነሳ 30 ይሆናል፤ በግንቦት 270 ከሆነ በየዘጠነኛው። ደስ ያሏትን መምረጥ የለባትም፤ ሰው ሲመርጥ ሳያውቀው ለራሱ የሚያደላውን ያነሳል። ከዚያ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ በገባበት ቀን ለክፍሉ የደረሰው ስንቱ ነው? ከጥቅምቱ 30 ውስጥ 11፣ ከግንቦቱ 30 ውስጥ 26 ሆነ እንበል።

አማካይ የቀን ብዛት ለምን አልወሰደችም የሚል አይጠፋም። አንድ ደብዳቤ ጠፍቶ ከ40 ቀን በኋላ ቢገኝ የወሩን አማካይ ብቻውን ያበላሸዋል፤ «በዕለቱ ደረሰ፣ አልደረሰም» የሚለው ቆጠራ ግን በአንድ ደብዳቤ አይዛባም፤ ለቃለ መጠይቅም ለመግለጽ ቀላል ነው።

ቁጥሩን ከማመኗ በፊት አንድ ነገር ማጣራት አለባት። በጥቅምት ሥራ አስኪያጁ ለሁለት ሳምንት መስክ ወጥተው ከነበረ ያ ሁሉ መዘግየት የእሳቸው አለመኖር እንጂ የአሠራሩ ጉዳይ አይደለም፤ ሌላ ወር መምረጥ ይኖርባታል። በግንቦት የገባው ደብዳቤ ከጥቅምቱ አንሶ ቢሆን ኖሮም ፍጥነቱ የሥራ መቅለል ነው ሊባል ይችል ነበር። እዚህ ግን ደብዳቤው ጨምሯል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ይበልጥ ጠንካራ ነው። እንግዲህ መስመሩ እንዲህ ይሆናል፦

«በዓመት ከ3,000 በላይ ደብዳቤ በሚገባበት መዝገብ ቤት፣ ምሪት የማያስፈልጋቸውን ሰነዶች ለይቶ በቀጥታ ማድረሻ አሠራር አስጀመርኩ፤ በገባበት ቀን ለክፍሉ የሚደርሰውን ደብዳቤ ከ40 በመቶ በታች ከነበረበት ከ85 በመቶ በላይ አደረስኩ።»

11ን ለ30 አካፍለን 36.7 በመቶ አላልንም። በ30 ደብዳቤ ናሙና ላይ ነጥብ ያለው ቁጥር ማስቀመጥ ከሌለ ትክክለኛነት መመጻደቅ ነው፤ «ከ40 በታች»፣ «ከ85 በላይ» ማለት እውነቱን ሳያዛባ ይበቃል።

አሁን ግሱ ላይ እንምጣ። ባንኮች፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችና ብዙ የግል ኩባንያዎች ሲቪ የሚጠይቁት በእንግሊዝኛ ነው፤ በዚያ ቋንቋ መስመሩ በግስ ይጀምራል፣ «እኔ» የሚለውም ይቀራል። ሲቪ የሚያጣራ ሰው ዓይኑን የሚያወርደው በግራው ጠርዝ ነው፤ እዚያ ላይ አምስት ጊዜ «ሪስፖንሲብል ፎር» ተደርድሮ ካገኘ አምስት ጊዜ ኃላፊነት እንደነበራት እንጂ አንድ ጊዜ ምን እንደሠራች አላወቀም። ስለዚህ የእንግሊዝኛው መስመር «አስጀመርኩ» በሚለው ግስ ይነሳል፤ ያለፈ ሥራ ከሆነ በኃላፊ ጊዜ፣ አሁን ያለችበት ከሆነ በአሁን ጊዜ። በአማርኛ ሲቪ ግን ይህንን ማስገደድ አልወድም። «ቀነስኩ የደብዳቤ መዘግየትን» ብሎ የጻፈ ሰው መፈክር እንጂ ሲቪ አይመስልም። በእኛ ቋንቋ ግሱ ቦታው መጨረሻ ላይ ነው፤ እዚያው ይቆይ፤ ከፊት የሚቀመጠው የሥራው ስፋት ወይም የተለወጠው ነገር ይሁን። መለወጥ ያለበት «መመዝገብ» የሚለው ባለቤት አልባ ቃል ነው፤ «መዘገብኩ»፣ «ለየሁ»፣ «አስጀመርኩ» ሲባል ሠሪው ይታያል።

ጠንካራ ግስ ማለት ትልቅ ግስ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። «መራሁ»፣ «አስተዳደርኩ»፣ «ማኔጅ አደረግኩ» የሚሉት ሰው በስሩ ያለው ሰው የሚላቸው ናቸው፤ የመዝገብ ቤት ጀማሪ ሠራተኛ «መዝገብ ቤቱን አስተዳደርኩ» ካለች ጠያቂው ወዲያው «ስንት ሠራተኛ ነበረሽ?» ይላታል። «ተሳተፍኩ»፣ «አገዝኩ»፣ «ተከታተልኩ» ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ያጋድላሉ፤ የሠራችው ሥራ የሌላ ሰው ይመስላል። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው፦ ቀጣሪው ለቀድሞ አለቃዋ ደውሎ መስመሩን ቢያነብላቸው «አዎ፣ እሷ ናት ያደረገችው» የሚሉት ግስ ትክክለኛው ነው። በእኛ ምሳሌ አሠራሩን ያጸደቁት ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ ሐሳቡን ያመጣችው፣ የለየችውና በየቀኑ ያስኬደችው እሷ ናት። ስለዚህ «አስጀመርኩ» ይቆማል። «የድርጅቱን የደብዳቤ ሥርዓት ቀየርኩ» ግን አይቆምም፤ አለቃዋ ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም ይላሉ።

ሁለተኛው መስመር «ፋይሎችን በአግባቡ መያዝ» ነበር። በአግባቡ መያዙ የሚታወቀው ሰው ፋይል የፈለገ ቀን ነው፤ የግል ድርጅት ውስጥ ደግሞ ከውጭ ኦዲተር የባሰ ፋይል ፈላጊ የለም። ኦዲተሮቹ የሚፈልጓቸውን የክፍያ ሰነዶች በዝርዝር ጽፈው ይሰጣሉ። ያንን ዝርዝር ያስቀመጠ ሠራተኛ ሳያስበው የሥራውን መመዘኛ አስቀምጧል። ልጅቷ 64 ሰነድ ተጠይቃ 62ቱን በዚያው ቀን አቅርባ፣ ሁለቱን በማግስቱ ከፋይናንስ ክፍል አግኝታ ከሆነ መስመሩ ይኸውና፦

«የውጭ ኦዲተሮች ከጠየቋቸው 64 የክፍያ ሰነዶች 62ቱን በዕለቱ፣ የቀሩትን በማግስቱ አቀረብኩ።»

«ሁሉንም» ብላ ልታሳምረው ይቃጣታል። አያስፈልግም፤ 62 የሚለው ቁጥር ማንም ቁጭ ብሎ የሚፈጥረው ስላልሆነ ከ«ሁሉም» የበለጠ ይታመናል። ደግሞም «ከቀድሞው አሻሻልኩ» አላለችም። ከእሷ በፊት በነበረው ዓመት ስንት እንደተገኘ አታውቅም፤ መነሻው ካልታወቀ ማሻሻል አይባልም። ማነጻጸሪያ የሌለው ውጤትም ውጤት ነው፤ ብቻውን መቆም ይችላል።

የጽሕፈት መሣሪያው መስመር ላይ አጓጊ ወጥመድ አለ። መዝገቡን ስታገላብጥ በመጀመሪያው ዓመት በወር 14 ደስጣ ወረቀት ይወጣ እንደነበርና በሁለተኛው ዓመት 9 ደስጣ እንደሆነ አየች። «የወረቀት ፍጆታን ከ35 በመቶ በላይ ቀነስኩ» ብሎ ለመጻፍ እጅ ያሳክካል፤ ሒሳቡም ልክ ነው። ነገሩ ግን በሁለተኛው ዓመት ሽያጭ ክፍል ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውሮ የራሱን ወረቀት በራሱ መግዛት ጀምሯል። ቁጥሩ ወርዷል፤ ያወረደችው ግን እሷ አይደለችም። እንዲህ ዓይነቱን ለመለየት ቀላሉ መንገድ በክፍል መከፋፈል ነው፤ ያልተዛወሩት ክፍሎች ብቻቸውን ሲታዩ ፍጆታቸው እንደነበረ ከሆነ መስመሩ ይሰረዛል። ያላጣራች እንደሆነ ግን ቃለ መጠይቁ ላይ «እንዴት ቀነስሽው?» ሲባል መልስ ታጣለች፤ አንዱ መስመር ሲፈርስ እውነተኞቹንም ይዟቸው ይወድቃል። መቶኛ በትንሽ ቁጥር ላይም እንዲሁ ያሳፍራል። በዓመት ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ደብዳቤ ተልኮ በሚቀጥለው አንዴ ቢላክ «ስህተትን በ50 በመቶ ቀነስኩ» ይባላል፤ ጠያቂው ከስንት ወደ ስንት እንደሆነ ሲሰማ ፈገግ ይላል።

ስልክ መቀበል? ይውጣ። ከሱ የሚወጣ ነገር ካልተገኘ መስመር አያባክን፤ ለእንግዳ መቀበያ ሥራ ካላመለከተች ማንም አይጠይቃትም።

«ሌሎች ተግባራት» የሚለው ግን ከመሰረዙ በፊት መፈተሽ አለበት፤ አንዳንዴ የሰውየው ምርጥ ሥራ እዚያ ተደብቆ ነው የሚገኘው። ልጅቷ የዓመት ፈቃድ ስትወጣ የምትተካትን ባልደረባ ለማሠልጠን ደብዳቤ ከገባበት እስከተፋይለበት ያለውን አካሄድ በሁለት ገጽ ጽፋላት ነበር። ከፈቃድ ስትመለስ መዝገቡ አልተዘባረቀም፤ በኋላ የመጣው አዲስ ሠራተኛም በዚያው ወረቀት ነው ሥራ የለመደው። «የመዝገብ ቤት አሠራር መመሪያ በሁለት ገጽ አዘጋጀሁ፤ ሁለት ተተኪ ሠራተኞች ሥራውን የለመዱበት ነው።» መቶኛ የለውም፤ ግን ጽሑፉን እሷ በሌለችበት ሌላ ሰው ተጠቅሞበታል፤ የዚህ ዓይነት ሥራ ማስረጃው ይኼ ነው።

አምስት ዝርዝር የነበረው ሲቪ አሁን ሦስት መስመር ሆነ። ለአንድ የጀማሪ ሥራ ሦስት ወይም አራት ይበቃል። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ማስታወቂያው ነው፤ ባንክ የሰነድ አያያዝ ከፈለገ የኦዲቱ መስመር ከላይ ይወጣል፤ ሰው ለሚበዛበት የአስተዳደር ክፍል ከሆነ የደብዳቤው። የደንበኛ ስም፣ የክፍያ መጠን፣ የውል ዝርዝር አይገባም፤ የቀድሞ ቢሮውን ምሥጢር ሲቪ ላይ የበተነ ሰው የአዲሱንም እንደሚበትን ነው የሚገመተው። የሥራ መደቡ መጠሪያም የልምድ ማስረጃው ላይ ያለው ራሱ መሆን አለበት፤ «የመዝገብ ቤት ሠራተኛ» የሚለውን «የመረጃ አስተዳደር ኦፊሰር» ብሎ ያሳደገ ሰው ሁለቱ ወረቀት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ችግር ይገጥመዋል። ለውጭ ድርጅት ሲላክ ደግሞ ዘመኑን መቀየር እንዳይረሳ፤ የእኛ 2016 በጀት ዓመት በእነሱ አቆጣጠር ከሐምሌ 2023 እስከ ሐምሌ 2024 መጀመሪያ ያለው ነው። እንዳለ የተላከ እንደሆነ ሥራው በእውነት ከተሠራበት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀድሞ የተሠራ ይመስላል።

ይህ ሁሉ የማይጠቅምበት ቦታም አለ። በትምህርት ደረጃ፣ በልምድ ዓመትና በማስረጃ ብቻ በሚጣራበት ቅጥር ላይ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ የመጀመሪያው ማጣሪያ መስመሩ እንዴት እንደተጻፈ አያይም። ሁለት ዓመት ለሚጠይቅ መደብ ሃያ ሁለት ወር ይዞ የመጣን ሰው ጥሩ ግስ አያሳልፈውም። ለፈተናና ለቃለ መጠይቅ ከተጠራ በኋላ ግን «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲባል የሚወራው ነገር እነዚሁ ሦስት መስመሮች ናቸው።

ከሥራው ለቀው የወጡ ሰዎች መዝገቡን ማግኘት አይችሉም፤ በስውር ፎቶ አንስቶ መውጣትም አይገባም። ለእነሱ ያለው መንገድ ክብ ቁጥር ነው፤ «በወር ከ200 በላይ» ብሎ፣ እዚያው የቀረ ባልደረባ ደውሎ ጠይቆ፣ ዝቅ ያለውን ግምት መጻፍ። አሁን ሥራ ላይ ያለ ሰው ግን ወሩ ሲያልቅ አምስት ደቂቃ ቢወስድ ይበቃዋል፤ የወሩን የመጨረሻ ተራ ቁጥር፣ በዕለቱ ያልደረሰውን ደብዳቤ ብዛት፣ በዚያ ወር ከወትሮው የተለየ ነገር ከነበረ እሱን በግል ማስታወሻው ላይ ያስፍር። ሥራ አስኪያጁ መስክ የወጡበት፣ ክፍል የተዛወረበት፣ ኦዲተር የመጣበት ወር የቱ እንደነበር ከሁለት ዓመት በኋላ ማንም አያስታውስም።